ዋጋና ዜና በአንድ ሰዓት፦ የአክሲዮን ድንገተኛ ዝላይን ከአርዕስተ ዜና ጋር ስለማዛመድ



የዛሬው ንግግሬ ጉዳይ ጠባብ ነው። አንድ ሰው የአንድን ኩባንያ አክሲዮን ይከታተላል እንበል። በአንድ በኩል የዋጋ መረጃ በየደቂቃው ይደርሰዋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የአርዕስተ ዜና ፍሰት አለው። ዋጋው በድንገት ሲዘል፣ ዝላዩ ከዜና የመነጨ መሆን አለመሆኑን በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠቁም ማንቂያ መሥራት ይፈልጋል። ሁለቱን ፍሰቶች በሰዓት ማገጣጠም ለመካከለኛ ፕሮግራም ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ነገር ግጥምጥሞሹ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደማይነግረን ማወቁ ነው። ይህን በአንድ የታወቀ ክስተት ላይ ተመርኩዤ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለየት አድርጌ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክስተቱ የደረሰው ሰኞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 በዩናይትድ አየር መንገድ እናት ኩባንያ አክሲዮን ላይ ነው። ኩባንያው በዲሴምበር 2002 ለኪሳራ ጥበቃ አመልክቶ ነበር፤ ከጥበቃው የወጣውም በ2006 መጀመሪያ ነው። የ2002ቱን ማመልከቻ የዘገበ አንድ የቺካጎ ትሪቢዩን ጽሑፍ፣ በዚሁ አሳታሚ ባለቤትነት ሥር በነበረው በፍሎሪዳው ሳን ሴንቲኔል ጋዜጣ ድረ ገጽ ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በጽሑፉ ላይ መጀመሪያ የታተመበት ቀን አልሰፈረም። እሑድ ሌሊት፣ አንባቢ እምብዛም በሌለበት ሰዓት፣ ጽሑፉ በጋዜጣው የንግድ ገጽ «በብዛት የተነበቡ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ብቅ አለ። የጎግል ዜና ሰብሳቢ ፕሮግራም አገኘውና የ2008 ቀን ሰጠው። ሰኞ ረፋድ ላይ፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ አንድ የመዋዕለ ንዋይ መረጃ አቅራቢ ድርጅት የጽሑፉን ፍሬ ነገር በብሉምበርግ አገልግሎት በኩል አሰራጨው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውድቀት ከሩብ ሰዓት ብዙ የማይዘልል ጊዜ ነው የወሰደው። ከ12 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮን ወደ 3 ዶላር ወረደ። ናዝዳክ ግብይቱን አገደ፤ ኩባንያው ዜናውን አስተባበለ፤ ከቀትር በኋላ ግብይቱ ሲከፈት ዋጋው አብዛኛውን መልሶ ቀኑን በ10.92 ዶላር ዘጋ። ናዝዳክ በእነዚያ ደቂቃዎች የተደረጉትን ግብይቶች አልሰረዘም። ስለዚህ በ4 ወይም በ3 ዶላር የሸጠ ሰው፣ ወይም «ዋጋው ከዚህ ሲወርድ ሽጥልኝ» የሚል ቋሚ ትእዛዝ አስቀምጦ የሄደ ሰው፣ ኪሳራው እዚያው ቀረበት።

አሁን የራሳችንን ማንቂያ ከዚህ ክስተት ፊት እናቁመው። ዋጋው ዘለለ ወይ? አዎን። በአቅራቢያው አርዕስተ ዜና ነበረ ወይ? ነበረ፤ ከዝላዩም ይቀድማል። ስለዚህ ቀላሉ ማንቂያ «ዝላዩ ከዜና የመነጨ ነው» ይላል። የሚያስገርመው ነገር፣ ማንቂያው አልተሳሳተም፤ ዝላዩ በእርግጥም ከዜና የመነጨ ነበር። ዜናው ግን የስድስት ዓመት አሮጌ ነው። እንግዲህ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደብቀዋል ማለት ነው፤ የዋጋው እንቅስቃሴ ያልተለመደ መሆኑ፣ ዜናው ከእንቅስቃሴው ጋር በጊዜ መገናኘቱ፣ ዜናው አዲስ መሆኑ።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ላሳልፈው። «ያልተለመደ» የሚለው ቃል የሚለካው በአክሲዮኑ የራሱ ጠባይ ነው። የአሜሪካ ገበያ መደበኛ የግብይት ቀን 390 ደቂቃ አለው፤ ይህም 78 ባለ አምስት ደቂቃ ክፍሎች ይሆናል። የአንድ አክሲዮን ዕለታዊ ለውጥ መደበኛ ልይይት 2 በመቶ ከሆነ፣ 2ን ለ78 ስኩዌር ሩት ስናካፍል የአምስት ደቂቃው ልይይት 0.23 በመቶ ገደማ ይመጣል። ገደባችንን የዚህ አራት እጥፍ ብናደርገው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከ0.9 በመቶ በላይ የሆነ እንቅስቃሴ ማንቂያውን ይቀሰቅሳል። ተማሪዎች አራት እጥፍ ሲባል በደወል ቅርጽ ሥርጭት ፈጽሞ የማይደርስ ነገር አድርገው ያስባሉ። የዋጋ ለውጥ ሥርጭት ግን ጫፎቹ ወፍራም ናቸው፤ እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ሥርጭቱ ከሚፈቅደው እጅግ በዛ ብሎ ይታያል። በተጨማሪም ገበያው ሲከፈትና ሊዘጋ ሲል ያለው መዋዠቅ ከቀትሩ ይበልጣል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የአምስት ደቂቃ ክፍል የራሱን ልይይት ካለፉት ስልሳ የግብይት ቀናት ማስላት ይሻላል። አለበለዚያ ማንቂያው ጧት ጧት ያለ ምክንያት ሲጮኽ ይውልና ማንም የማይሰማው ይሆናል።

የገበያው አጠቃላይ እንቅስቃሴም አስቀድሞ መቀነስ አለበት። አክሲዮኑ 1.2 በመቶ ወርዶ፣ በዚያው አምስት ደቂቃ የገበያው ጠቋሚ 0.9 በመቶ ወርዶ ቢሆንስ? አክሲዮኑ በተለምዶ የጠቋሚውን 1.1 እጥፍ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከገበያው ጋር ተያይዞ የሚጠበቀው ውድቀት 0.99 በመቶ ነው። ለኩባንያው ብቻ የሚቀረው 0.21 በመቶ ይሆናል። ይህ ከገደቡ በታች ነው፤ የኩባንያውን ዜና መፈለግም ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ጊዜ እንምጣ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነው።

እያንዳንዱ አርዕስተ ዜና ቢያንስ ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ አሳታሚው «ያተምኩት በዚህ ሰዓት ነው» ብሎ የጻፈው ነው፤ ሌላው የእኛ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየበት ነው። በአርኤስኤስ ፍሰት ላይ የመጀመሪያው `pubDate` ተብሎ ይመጣል። አሳታሚው አንዳንዴ ያዘገየዋል፤ አንዳንዴ ጽሑፉን ሲያርም ያድሰዋል፤ አንዳንዴ ጭራሹን አይጽፈውም። በዩናይትድ ጉዳይ ላይ የጎደለውም ይኸው ነው፤ ክፍተቱን ሰብሳቢው ፕሮግራም በግምት ሞላው። ለማዛመድ መጠቀም ያለብን የራሳችንን የመጀመሪያ እይታ ሰዓት ነው። የአሳታሚው ሰዓት ለንጽጽር ይቀመጥ፤ በሁለቱ መካከል የሰዓታት ልዩነት ከታየ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። ሁሉም ሰዓት በ`UTC` ይመዝገብ። እኛ አዲስ አበባ ላይ ሆነን የኒው ዮርክን ገበያ ስንከታተል ሦስት ዓይነት ቁጥሮች ይደባለቁብናል፤ የኒው ዮርክ ሰዓት፣ የአዲስ አበባ ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር፣ እንዲሁም ስድስት ሰዓት የሚቀነስበት የእኛው የዕለት አነጋገር። አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እኛ አንቀይርም። በመጋቢት ወር ድንገት ሁሉም ዜና ከዝላዩ አንድ ሰዓት የራቀ ከመሰላችሁ፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

የዝላዩም ሰዓት ቢሆን ማንቂያው የጮኸበት ሰዓት አይደለም። የአምስት ደቂቃው ክፍል ሳይዘጋ ገደቡ መታለፉ አይታወቅም፤ ስለዚህ ማንቂያው ሁልጊዜ ይዘገያል። ከጮኸ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን በየደቂቃው እያየን፣ ዋጋው ከተለመደው መንገድ መጀመሪያ የወጣበትን ደቂቃ መፈለግ አለብን። ይህን ደቂቃ `t0` እንበለው። የምንፈልገው ዜና ከ`t0` አሥር ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስከ አምስት ደቂቃ በኋላ የታየውን ነው። «በኋላ» የሚለው ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው፤ የእኛ ፍሰት ከሌሎች ሰዎች ፍሰት ይዘገያል። በክፍያ የሚሠራ ፈጣን አገልግሎት ያለው ነጋዴ ዜናውን አይቶ ከሸጠ በኋላ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው።

ነገር ግን ያ የአምስት ደቂቃ ክፍተት ሌላ እንግዳ ያስገባል። ዋጋ ሲወድቅ ጋዜጠኞች «የእገሌ አክሲዮን ወደቀ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አርዕስተ ዜና የዝላዩ ውጤት እንጂ መንሥኤ አይደለም። ከ`t0` በኋላ የመጡትንና ስለ ዋጋው እንቅስቃሴ ብቻ የሚናገሩትን ሳናስወጣ ካዛመድን፣ እያንዳንዱ ትልቅ ዝላይ የራሱን ማሚቶ ይዞ «ከዜና የመነጨ» ተብሎ ይመዘገባል።

ከዚህ የከፋው ግን ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች ያለው ችግር ነው፤ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። የምንፈልግበት መስኮት በድምሩ 15 ደቂቃ ነው። አንድ ኩባንያ በግብይት ሰዓት ውስጥ 40 አርዕስተ ዜና የሚጻፍበት ከሆነ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ የሚወድቁት 40 ሲባዛ በ15 ሲካፈል ለ390፣ ማለትም 1.54 ናቸው። ዜናዎቹ በዘፈቀደ ተበትነዋል ብንል፣ ቢያንስ አንዱ በመስኮቱ ውስጥ የመገኘቱ ይሆንታ 79 በመቶ ገደማ ነው። ዝላዩ ከዜና ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረውም እንኳ፣ ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል «ዜና ተገኘ» ይላል ማለት ነው። በቀን ሁለት አርዕስት ብቻ የሚጻፍበት ትንሽ ኩባንያ ሲሆን ይኸው ይሆንታ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ለሁለቱ ኩባንያዎች ያንኑ ምልክት ስንሰጥ ለአንዱ ማስረጃ፣ ለሌላው ጫጫታ እየሰጠን ነው። ማንቂያችሁ ከምልክቱ ጎን ይህን የአጋጣሚ ይሆንታ እንዲያሳይ አድርጉ። ከአርባዎቹ አርዕስት አብዛኞቹ አንዱን ዜና ደጋግመው የሚናገሩ ስለሆኑ፣ ቅጂዎቹን አሰባስበን ስድስት የተለያዩ ዜናዎች ብናደርጋቸው ይሆንታው ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። ዜና በእውነቱ በዘፈቀደ አይበተንም፤ ይጎርፋል፣ ይደርቃል። ቢሆንም ስሌቱ መነሻ ግምት ይሆነናል።

ሦስተኛው ጥያቄ የዜናው አዲስነት ነው። ፖል ቴትሎክ በ2011 ባሳተመው ጥናት የአንድን ዜና አሮጌነት የለካው ስለዚያው ኩባንያ ቀደም ብለው ከወጡ ዜናዎች ጋር ባለው የቃላት መመሳሰል ነው። ባለሀብቶች ለአሮጌ ዜናም ምላሽ እንደሚሰጡ፣ ምላሹም በከፊል በቀጣዮቹ ቀናት እንደሚቀለበስ አሳይቷል። ይህንኑ ሐሳብ ለማንቂያችን መጠቀም እንችላለን፤

```python
def label(jump, heads, archive):
    lo = jump.t0 - timedelta(minutes=10)
    hi = jump.t0 + timedelta(minutes=5)
    near = [h for h in heads if lo <= h.first_seen <= hi]
    if not near:
        return "NO_NEWS"
    old = archive.before(lo)
    fresh = [h for h in near if overlap(h, old) < 0.6]
    return "NEWS_FRESH" if fresh else "NEWS_STALE"
```

እዚህ `overlap` ማለት የአርዕስቱ ቃላት ምን ያህል እጅ በአንድ ቀደም ባለ አርዕስት ውስጥ እንደሚገኙ የሚናገር ቁጥር ነው። `heads` ውስጥ የሚገቡት ከላይ ያልኳቸው ማሚቶዎች ከወጡ በኋላ የቀሩት ናቸው። ማኅደሩ ከ`lo` በፊት ያለውን ብቻ የሚያይበት ምክንያት አለ፤ እስከ ዝላዩ ድረስ ቢያይ፣ አዲስ ዜና ከአንድ ደቂቃ በፊት ከደረሰ የራሱ ቅጂ ጋር ተመሳስሎ «አሮጌ» ይባላል። የ0.6 ገደብ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከምትከታተሉት ፍሰት ላይ ጥቂት መቶ የአርዕስት ጥንዶችን በእጅ እያነበባችሁ «አንድ ዜና ነው» ወይም «አይደለም» ብላችሁ ከለያችሁ በኋላ የሚመረጥ ነው።

ይህን በዩናይትድ ላይ እናስኪደው። ማኅደራችን የሠላሳ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በቀደመው ወር ስለ ኩባንያው ኪሳራ ማመልከቻ የተጻፈ ተመሳሳይ አርዕስት አያገኝም፤ `NEWS_FRESH` ይላል፤ ተመልካቹንም ወደ ሽያጭ ይገፋል። ማኅደሩ እስከ 2002 የሚደርስ ቢሆን ኖሮ «ዩናይትድ ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ» የሚሉ ብዙ አርዕስት ያገኛል፤ `NEWS_STALE` ይላል። ረጅም ማኅደር ያዙ ብዬ ንግግሬን እንዳላበቃ የሚያግደኝ አንድ ነገር አለ። ኩባንያው በዚያ ሰኞ በእውነት ለሁለተኛ ጊዜ ለኪሳራ ጥበቃ አመልክቶ ቢሆን ኖሮስ? አርዕስቱ ያው ይሆን ነበር፤ ማንቂያውም እውነተኛውን ዜና አሮጌ ነው ብሎ ያጣጥለው ነበር። በአርዕስት ደረጃ ሁለቱ ሁኔታዎች አይለዩም።

ልዩነቱ የሚገኘው በጽሑፉ አካል ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የሰው ስም ብናነጻጽር አይረዳንም፤ ግሌን ቲልተን በ2002ም በ2008ም የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። የሚረዱን ቁጥሮች ናቸው። እውነተኛ አዲስ የኪሳራ ዜና አዲስ የዕዳ መጠን፣ አዲስ የሀብት መጠን፣ አዲስ የሠራተኛ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በአዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ የስድስት ዓመት ጽሑፍ ውስጥ ከተገኙ፣ ያው ጽሑፍ ነው።

ሌላው መንገድ ወደ ምንጩ መሄድ ነው። በአሜሪካ አንድ የተመዘገበ ኩባንያ ለኪሳራ ጥበቃ ሲያመለክት 8-K በተባለው ቅጽ፣ በተራ ቁጥር 1.03 ሥር፣ ለዋስትና ሰነዶች ኮሚሽን ማስታወቅ አለበት፤ ቅጹም ኤድጋር በተባለው የሕዝብ ማኅደር ላይ ይታያል። ማንቂያው ይህን በራሱ ሊያይ ይችላል። ቅጹ ካለ ጉዳዩ አለቀ። ቅጹ አለመኖሩ ግን የዜናውን ሐሰትነት አያረጋግጥም፤ ሕጉ ለማስታወቅ አራት የሥራ ቀናት ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ባዶ ሆኖ መገኘቱ ጥርጣሬን ይጨምራል እንጂ ውሳኔ አይሆንም። የእኔ ምርጫ እንዲህ ላለው ሁኔታ አራተኛ ምልክት መጨመር ነው፤ «ዜና አለ፣ ከአሮጌ ዜና ጋር ይመሳሰላል፣ በምንጩ አልተረጋገጠም» የሚል። ይህ ምልክት ሲወጣ የትኛውም ቀጥተኛ የሽያጭ ትእዛዝ መቆም አለበት፤ ሰው ጽሑፉን ከፍቶ ማንበብ አለበት። የዩናይትድን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው የ2002 ዘገባ መሆኑን ከይዘቱ መረዳት ይችል ነበር።

ስለ `NO_NEWS` ጥቂት ልጨምር፤ ተማሪዎች እንደ ባዶ መልስ ያልፉታልና። ዴቪድ ከትለር፣ ጀምስ ፖተርባና ሎረንስ ሰመርስ በ1989 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ገበያ ታላላቅ የአንድ ቀን እንቅስቃሴዎች ከዕለቱ ዜናዎች ጋር አስተያይተው፣ ብዙዎቹን የሚያስረዳ ግልጽ ዜና እንዳላገኙ ጽፈዋል። ስለዚህ ዜና የሌለው ዝላይ የማንቂያው ጉድለት ላይሆን ይችላል፤ ትልቅ የሽያጭ ትእዛዝ ወይም ገና ያልወጣ መረጃ ከጀርባው ሊኖር ይችላል። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይጣራ፤ ፍሰቱ ሕያው ነበር ወይ? የዜና ፍሰት ሲቋረጥ አይጮኽም፤ ዝም ይላል፤ ዝምታውም «ዜና የለም» ተብሎ ይመዘገባል። ስለ ሌሎች ኩባንያዎች የሚመጡትን ጨምሮ ከማንኛውም አርዕስት የመጨረሻው የደረሰበትን ሰዓት መዝግቡ። በግብይት ሰዓት ፍሰቱ ከተለመደው በላይ ዝም ካለ ምልክቱ `NO_NEWS` ሳይሆን «አይታወቅም» ይሁን።

በመጨረሻ ወደ አገራችን ልመለስ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ይህን ዘዴ እዚህ እንሞክረው የሚሉ ተማሪዎች በርክተዋል። የዋጋው ክፍል እንዳለ አይተላለፍም። የአምስት ደቂቃ ልይይት የሚሰላው በየአምስት ደቂቃው ግብይት ሲኖር ነው፤ ግብይቱ አልፎ አልፎ በሚደረግ አክሲዮን ላይ በሁለት ተከታታይ ግብይቶች መካከል ያለውን ለውጥና ያለፈውን ጊዜ አብሮ መለካት ያስፈልጋል።

የዜናው ክፍል ደግሞ የቋንቋ ሥራ ይጠይቃል። ከላይ ያሳየሁት የቃላት መመሳሰል በእንግሊዝኛ አርዕስት ላይ ይሠራል፤ ቃሎቹ ብዙም መልካቸውን አይለውጡምና። በአማርኛ ግን «ባንኩ»፣ «የባንኩን»፣ «ለባንኩ»፣ «ከባንኩም» ለፕሮግራሙ አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ትርፍ» እና «አተረፈ»ም እንዲሁ። በዚህ ላይ አንዱ ጋዜጣ «ሥራ» ሲል ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ዓመት» ሲል ሌላው «አመት» ይላል። እንዳለ ቢነጻጸሩ አንድ ዜና በሦስት ጋዜጦች ሦስት አዲስ ዜና ይሆናል፤ `NEWS_STALE` የሚል ምልክትም ከቶ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ቀጥሎ የተለመዱትን ቅጥያዎች ከፊትና ከኋላ መግፈፍ፤ ከዚያ ነው ማመሳሰል የሚጀመረው። ግፈፋው ሲበዛ የኩባንያ ስም እንዳይበላ፣ የምትከታተሏቸውን ስሞች ዝርዝር አስቀድማችሁ አዘጋጁና ከግፈፋው ውጭ አድርጓቸው። «የንግድ ባንክ» እና «ለንግድ ባንክ» አንድ መሆን አለባቸው፤ «ወጋገን» ግን ፕሮግራሙ «ወ»ን ቅጥያ መስሎት ፊደሉን ሊቀንስበት አይገባም።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።